የከረመ እርሾ ሞቷል ወይስ ተኝቷል? ኢንስታንትና አክቲቭ ድራይ በእጄ አሉ

የኮባ ቅጠል (አዲስ አበባ) | ታኅሣሥ 14፣ ምሽት 2፡10

ጤና ይስጥልኝ። ለገና ድፎ ዳቦ የምጋግረው እኔ ነኝ፤ በቤታችን በዚህ ጉዳይ ተራ የለም። ባለፈው እሑድ እጄን ላፍታታ ብዬ በግማሽ ኪሎ ፉርኖ ዱቄት ትንሽ ዳቦ ሞከርኩ። ሊጡ ከጠዋት እስከ ቀትር እንደ ድንጋይ ቁጭ አለ። ብርድ ነው ብዬ በጋቢ ብጠቀልለውም ለውጥ የለም።

በእጄ ሁለት ዓይነት እርሾ አለ። አንደኛው ባለ 500 ግራም ኢንስታንት ነው። መስከረም ላይ ከፍቼ ወደ ብርጭቆ ማሰሮ ገልብጬው፣ ከምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ተቀምጧል። የእሑዱን ዳቦ ያቦካሁት በዚህ ነው። ሁለተኛው እህቴ ከአሜሪካ ያመጣችልኝ፣ አክቲቭ ድራይ የሚል የተጻፈበት ትንሽ ጠርሙስ ነው። ገና አልተከፈተም፤ ግን የሚያበቃበት ጊዜ መጋቢት 2025 ይላል። እናቴ ቁጥሩን አይታ «ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል» ብላ አሳቀችን። በፈረንጅ አቆጣጠር ግን ካለፈ ዘጠኝ ወር ሆኖታል።

ጥያቄዬ፦ የትኛው በሕይወት እንዳለ በዓሉ ሳይደርስ እንዴት ልወቅ? በአንዱ ፋንታ ሌላውን ብጠቀም መጠኑ እኩል ነው?

---

የእናት ጓዳ (ደብረ ብርሃን) | ታኅሣሥ 14፣ ምሽት 3፡05

ልጄ፣ እርሾ እኮ አይሞትም። እኔ ከቡኮው ላይ የሚቀረውን ቢጫ ውሃ በጣሳ አስቀምጬ ለሚቀጥለው አደርገዋለሁ። እንዲህ ሲወራረስ ስንት ዓመት ሆነው። ከረምረም ካለ ደግሞ ይብሱን ይበረታል። ከጎረቤት አንድ ጣሳ ለምነሽ ማቡካት ነው፤ የጠርሙስ ነገር ምን አስጨነቀሽ?

---

ምድጃ 40 (አዳማ) | ታኅሣሥ 14፣ ምሽት 3፡40

ቀላል ነው። አክቲቭ የሚባለው በውሃ መሟሟት አለበት። ኢንስታንት ደግሞ በምንም ዓይነት ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ከሟሟ ጉልበቱን ያጣል። ከዱቄት ጋር በደረቁ ቀላቅለሽ በቀዝቃዛ ውሃ ታቦኪዋለሽ። እኔ ሙቅ ውሃ አልጠቀምም፤ እርሾ የሚገድለው ሙቀት ነው። ለመሞከር ከፈለግሽ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ አራት ማንኪያ ስኳር ጨምረሽ እርሾውን በትኚበት። በአምስት ደቂቃ ካልተነሣ ጣዪው።

---

የሌሊት ፈረቃ (አዲስ አበባ) | ታኅሣሥ 14፣ ምሽት 4፡55

አሥራ ሁለት ዓመት ዳቦ ቤት በሌሊት ፈረቃ ሠርቻለሁ፤ ብዙ የሞተ እርሾ ቀብሬአለሁ። እትዬ የእናት ጓዳ፣ ያሉት እውነት ነው፤ ግን የሚናገሩት ስለ ሌላ እርሾ ነው። የእርስዎ በየሳምንቱ አዲስ ዱቄት እየበላ ይታደሳል። የማሰሮው እርሾ ግን ደርቆ ያንቀላፋ ነው፤ የሚበላው የለም፣ አይራባም፣ በየቀኑ ከመካከሉ ጥቂቱ ይሞታል። ስለዚህ የኮባ ቅጠል መጠየቅ ያለባት «ሞቷል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ምን ያህሉ ቀርቷል?» ብላ ነው።

የሁለቱ ልዩነት የአደራረቅ ጉዳይ ነው። አክቲቩ የቆየ ዘዴ ነው፤ አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ማቀዝቀዣ በሌለበት ለወታደር ዳቦ መጋገር እንዲቻል ያወጡት ነው። ሲደርቅ ከውጭ ያሉት ሕዋሳት ይሞቱና የቀሩትን እንደ ቅርፊት ይሸፍኗቸዋል። ቅንጣቱ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ድብልብል የሚለው ለዚህ ነው። ያ ቅርፊት ለብ ባለ ውሃ ካልሟሟ በውስጥ ያሉት ቶሎ አይወጡም። በደረቁ ዱቄት ውስጥ ከበተንሽው አንዳንዱ ቅንጣት ሳይሟሟ ይቀርና በተጋገረው ዳቦ ውስጥ ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ ታዪዋለሽ። ኢንስታንቱ በ1970ዎቹ ከፈረንሳይ የመጣ ነው። በፍጥነትና ለስለስ ባለ ሙቀት ስለሚደርቅ የሚሞተው ጥቂት ነው፤ ቅንጣቱም ቀጭንና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ የሊጡ እርጥበት ብቻ ይበቃዋል።

መጠኑ እኩል ያልሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው። አራት የሻይ ማንኪያ ኢንስታንት የሚሠራውን ለመሥራት አምስት የሻይ ማንኪያ አክቲቭ ያስፈልጋል።

ምድጃ 40፣ በአንድ ነገር ልክ ነህ፤ ኢንስታንት መሟሟት አያስፈልገውም። ቢሟሟ ግን ምንም አይሆንም፤ ውሃው ለብ ያለ ይሁን እንጂ። የሚጎዳው አንተ የምትመክረው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። የደረቀ ሕዋስ ቆዳው ተሸብሽቧል፤ ውሃ ሲነካው መዘርጋት አለበት። በለብታ ቶሎ ይዘረጋል። በቀዝቃዛ ግን ሲያዘግም ሆዱ ያለው ነገር ያፈስሳል፤ ከሚያፈስሰውም አንዱ ሊጥ የሚያላላ ነው። አራቱ ማንኪያ ስኳርም ይቅር። በግማሽ ብርጭቆ ውሃ ያን ያህል ስኳር ሲኖር ስኳሩ ራሱ ውሃውን ከእርሾው ይሻማል፤ ጤነኛውም እርሾ የታመመ ይመስላል።

ሙከራው እንዲህ ነው። አንድ እጅ የፈላ ውሃ፣ ሁለት እጅ የቧንቧ ውሃ ቀላቅዪ። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የቧንቧውም በዚህ ሰሞን 18 ቢሆን ድብልቁ 42 ገደማ ይመጣል፣ ብርጭቆው ጥቂት ወስዶለት 40 ላይ ያርፋል። ልክ እሱን ነው የምንፈልገው። የእጅሽ አንጓ ላይ ጠብ ስታደርጊው እንደ ሕፃን ጡጦ ወተት ከሆነ ደርሰሻል፤ ከፋጀሽ ጠብቂ። ከዚህ ውሃ ግማሽ ብርጭቆ ወስደሽ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አሟሚ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ እርሾ ከላዩ ነስንሺ፣ አንዴ አማስዪና አሥር ደቂቃ አትንኪው። ጨው እንዳትጨምሪ።

ስታዪም አትቸኩዪ። ሲማሰል የሚፈጠረው አረፋ ማታለያ ነው፤ በሁለት ደቂቃ ይከስማል። የሕያው አረፋ ቀስ ብሎ ከመሐል እያበጠ የሚመጣ፣ ክሬም የሚመስል ነው። በአሥር ደቂቃ ሁለት ጣት ያህል ከወፈረና ጠላ ጠላ ከሸተተ ደኅና ነው።

---

የበረሃ እንግዳ (ዱባይ) | ታኅሣሥ 15፣ ጠዋት 1፡20

እኔ ደግሞ የባሰ ገጥሞኛል። በሐምሌ ወር ከቧንቧ የሚወርደው «ቀዝቃዛ» ውሃ በጣሪያ ታንከር ሲፈላ የዋለ ነው። የአሠሪዎቼን ዳቦ ሦስት ጊዜ አበላሽቼ፣ እርሾው ተበላሽቷል ብዬ አዲስ አስገዛሁ። አዲሱም ያው ሆነ። ኋላ የሥጋ ሙቀት መለኪያውን ብነክርበት 57 ዲግሪ አለ! ሦስቱንም የገደልኳቸው እኔ ነኝ። አሁን ውሃውን ማታ ቀድቼ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድራለሁ።

ለጠያቂዋ ይህ ላይጠቅም ይችላል፤ ግን እርሾ ከመወንጀል በፊት ውሃውን ጠይቁ ለማለት ነው።

---

ምድጃ 40 | ታኅሣሥ 15፣ ጠዋት 2፡00

የሌሊት ፈረቃ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ኢንስታንት በቀዝቃዛ ውሃ አቡክቼ አንድ ቀን አልተበላሸብኝም። መጽሐፍ ሌላ፣ ሊጥ ሌላ።

---

የሌሊት ፈረቃ | ታኅሣሥ 15፣ ቀትር 6፡30

መጽሐፍ አላነበብኩም፤ የተማርኩት በመቡኪያው ዳር ነው። ያልተበላሸብህ ለምን እንደሆነ ግን ልንገርህ። እርሾውን መጀመሪያ ከደረቅ ዱቄት ጋር ትቀላቅላለህ። ዱቄቱ በክፍሉ ሙቀት ነው፤ ቀዝቃዛው ውሃ እርሾው ጋ ሲደርስ ለዝቦ ነው የሚደርሰው። ከዚያም አዳማ ነው ያለኸው፤ «ቀዝቃዛ» የምትለው ውሃ እዚህ እኛ ጋ ለብ ያለ ይባላል። ያንኑ እርሾ በማቀዝቀዣ ውሃ ላይ ብቻውን በትነው፣ ከዚያ አቡካው። ሊጡ እጅህ ላይ ሙጫ ሲሆን ታየዋለህ።

---

የኮባ ቅጠል | ታኅሣሥ 15፣ ምሽት 3፡15

ሞከርኩት። ለማነጻጸር ጎረቤቴ ትናንት ከከፈተችው ኢንስታንት ሁለት ማንኪያ ለምኜ ሦስት ብርጭቆ ደረደርኩ፤ ውሃው ከአንድ ማሰሮ የተቀዳ፣ ስኳሩም እኩል።

አሥር ደቂቃ ሲሞላ የጎረቤቴ ብርጭቆ አፉ ድረስ ነፍቶ ነበር። የእህቴ አክቲቭ ጊዜው ያለፈበት ቢሆንም ሁለት ጣት ገደማ አረፋ ያዘ፤ ሽታውም እንዳላችሁት ጠላ። የእኔ ማሰሮ ግን ከታች ጭቃ፣ ከላይ አለፍ አለፍ ብሎ ትናንሽ አረፋ፤ ሽታውም የረጠበ ካርቶን። ሃያ ደቂቃ ስጠብቅ ስስ አረፋ ላዩን ሸፈነው።

አሁን ግራ ገባኝ። ሞቷል እንዳልል አረፋ አለው። ዕጥፍ አድርጌ ብጨምረው አይሠራም? ግማሽ ኪሎ እርሾ መጣል ያሳዝናል፤ ዋጋውን ታውቁታላችሁ።

---

ቅዳሜ ጋጋሪ (ቨርጂኒያ) | ታኅሣሥ 16፣ ሌሊት 7፡45

ዕጥፍ ማድረግ ይሠራል። እኔ ከረም ያለውን ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምጨርሰው። ይልቅ ልብ በዪ፤ እዚህ ለአንድ ኪሎ ዱቄት ሦስት የሻይ ማንኪያ ኢንስታንት እጠቀማለሁ፤ ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ስመጣ በዚያው መጠን የእናቴን ዳቦ ከመጥበሻው አስመለጥኩት። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሊጡ የሚጫነው የለም፤ ቶሎ ይነፋል፣ ቶሎም ይወድቃል። ሁለት ማንኪያ በቂ ነው።

---

የሌሊት ፈረቃ | ታኅሣሥ 16፣ ጠዋት 3፡10

ስለ ከፍታው እስማማለሁ፤ ለኪሎ ሁለት ማንኪያ ኢንስታንት ወይም ሁለት ተኩል አክቲቭ። ስለ ዕጥፉ ግን አይደለም። ቅዳሜ ጋጋሪ «ከረም ያለ» የሚሉት ምናልባት ከአምስቱ አንዱ የሞተበት ነው፤ ያንን በጭማሪ ማካካስ ይቻላል። ይኸኛው ግን አብዛኛው አልቋል። ዕጥፍ ስትጨምሪ ሕያዎቹን ብቻ አይደለም የምታበዢው፤ ሬሳውንም ነው። የሞተ ሕዋስ ቀደም ብዬ ያልኩትን ሊጥ የሚያላላ ነገር ሁሉ ያለ ገደብ ያፈስሳል። ሊጡ ይነሣል፤ ግን ጅማት አይኖረውም፣ ምጣዱ ላይ ሲገለበጥ እንደ ሽሮ ይንጣለላል። አንድ ጊዜ ዳቦ ቤት አሠሪያችን ያረጀ ካርቶን እርሾ በርካሽ ገዝቶ «ጨምሩበት» አለን። ጨመርንበት። በማግሥቱ የሸጥነው ዳቦ ሳይሆን ቂጣ ነበር፤ የእርሾው ሽታ ደግሞ ለብቻው።

ደግሞ የስኳር ውሃው ሙከራ የሚናገረው «አለሁ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ሊጥ ለመሸከም አቅም እንዳለው አይናገርም። ስኳር በውሃ ተሟሙቶ ለቀረበለት ደካማም ይበላል። እርግጠኛ መሆን ከፈለግሽ ዱቄት ስጪው። አንድ የቡና ስኒ ፉርኖ ዱቄት፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ እርሾ፣ ሲሦ ስኒ የሚሆን ለብ ያለ ውሃ። ጨውም ስኳርም የለም። ኳስ አድርገሽ ቀጥ ባለ ብርጭቆ ውስጥ ተጭነሽ አስቀምጪ፣ ከፍታው ላይ ላስቲክ እሰሪ። ሦስቱንም ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቁሚያቸው፤ ሙቀታቸው እኩል ካልሆነ ፍርዱ ሐሰት ነው። አክቲቩን ግን ቀድመሽ ከዚያው ውሃ በጥቂቱ አሟሚው። ከዚያ ሰዓት ያዢ።

---

የኮባ ቅጠል | ታኅሣሥ 17፣ ከሰዓት 10፡20

ውጤቱ ይኸው። የጎረቤቴ ኢንስታንት በ50 ደቂቃ ዕጥፍ ሆነ። የእህቴ አክቲቭ መጀመሪያ ላይ ተኝቶ ተስፋ አስቆርጦኝ ነበር፤ ኋላ ተነሥቶ በአንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ደረሰ። የእኔ ማሰሮ በአንድ ሰዓት ከላስቲኩ በላይ ሲሦ ያህል፤ ሁለት ሰዓት ሲሞላም ግማሹን አላለፈም።

የሚገርመኝ ግን ይህ ነው። ጊዜው ያለፈበት ተርፎ፣ ገና አንድ ዓመት ከምናምን የተጻፈለት ኢንስታንት እንዴት ሞተ?

---

የሌሊት ፈረቃ | ታኅሣሥ 17፣ ምሽት 1፡30

የተጻፈው ቀን ላልተከፈተ እሽግ ነው። ባለ 500 ግራሙ አየሩ ተመጥጦ እንደ ጡብ የደረቀ ሆኖ ነው የሚመጣው። መቀስ የነካው ዕለት ያ ቀን አበቃ። ስትገዢም ጡቡ ከለሰለሰ አየር ገብቶበታልና ተይው። አንቺ ደግሞ ከምድጃ በላይ አስቀመጥሽው፤ ወጥ በተሠራ ቁጥር ሙቀትና እንፋሎት፣ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ትንሽ እርጥበት። እርጥበት ያንቀላፋውን ይቀሰቅሰዋል፤ ሲነቃ ምግብ የለም፤ ይሞታል። የእህትሽ ጠርሙስ በአንጻሩ ታሽጎ በቀዝቃዛ ቁም ሣጥን ከርሟል።

የሚቀጥለውን ከከፈትሽ በኋላ በደንብ በሚዘጋ ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኑሪው፤ አራት ወር ያህል ይቆይልሻል። በረዶ ቤቱ ውስጥ ደግሞ እስከ ስድስት ወር። ከበረዶ ቤት ስታወጪው ግን ዕቃው ሳይለዝብ አትክፈቺ፤ የክፍሉ እርጥበት ላዩ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርድበታል።

---

ቅዳሜ ጋጋሪ | ታኅሣሥ 18፣ ሌሊት 8፡15

እኔ በዚህ አልስማማም። በበረዶ ቤት ሁለት ዓመት የቆየ ኢንስታንት አለኝ፤ ትናንትም ጋግሬበታለሁ። በቀጥታ ከበረዶው አውጥቼ በማንኪያ እዘግነዋለሁ፤ ጤዛ የሚባል አላየሁም።

---

የሌሊት ፈረቃ | ታኅሣሥ 18፣ ጠዋት 2፡40

ሁለት ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ እኔ የምናገረው መብራት ለሚጠፋበት ቤት ነው። እርስዎ ጋ በረዶ ቤቱ ዓመት ሙሉ በረዶ ነው፤ እኛ ጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቀልጦ ሁለት ጊዜ ይጠነክራል።

---

የእናት ጓዳ | ታኅሣሥ 18፣ ጠዋት 4፡00

እንግዲያውስ የእኔ ጣሳ ይሻላል። መብራት አይጠይቅ፣ ሰዓት አይጠይቅ። የሌሊት ፈረቃ፣ የእኔን እርሾ ለድፎው ባደርገውስ? በድሮ ጊዜ ድፎ ስንጋግር የሱቅ እርሾ የት ነበር?

---

የሌሊት ፈረቃ | ታኅሣሥ 18፣ ቀትር 6፡15

ይሆናል እንጂ እትዬ፤ ጣዕሙም ይበልጣል። ግን ማታ ተቦክቶ ጠዋት ነው የሚደርሰው፤ ኮምጠጥ ይላል። በእሷ ቤት ጣፋጭ የለመዱት ልጆች ምን እንደሚሉ አላውቅም።

---

የኮባ ቅጠል | ጥር 1፣ ጠዋት 3፡30

እንኳን አደረሳችሁ። በእህቴ አክቲቭ ጋገርኩት። ለሁለት ኪሎ ዱቄት አምስት የሻይ ማንኪያ፣ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃና በጥቂት ስኳር አሟሙቼ፤ ያንን አንድ ብርጭቆ ከሊጡ ውሃ ላይ መቀነስ ረስቼ ስለነበር ሊጡ መጀመሪያ ቀጠነብኝ፤ ሁለት እፍኝ ዱቄት ጨምሬ አስተካከልኩት። ለመነሣት ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀ፤ እናቴ በየአሥር ደቂቃው ክዳን እያነሣች ባትፈትሽ ኖሮ ምናልባት ቶሎ ይደርስ ነበር። ኮባው ከታች ትንሽ አረረ፤ ዳቦው ግን ተነሥቶ፣ መሐሉ በስሎ ወጣ። ነጠብጣብም የለበትም።

ማሰሮውን አልጣልኩትም። እትዬ የእናት ጓዳ እንዳሉት ማታ አቡክቼ ላሳድረው ብዬ ከዚያው ደካማ እርሾ አንድ ማንኪያ በግማሽ ኪሎ ዱቄት ትናንት ማታ ለወስኩ። ዛሬ ጠዋት ዕጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ግን ጣቴን ስነክርበት እንደ ማር ይሳባል። የሌሊት ፈረቃ፣ ይህ ሬሳው ነው ወይስ ውሃ አብዝቼ ነው?

---

የሌሊት ፈረቃ | ጥር 1፣ ቀትር 7፡00

እንኳን አብሮ አደረሰን። ዱቄቱ ስንት፣ ውሃው ስንት ነበር?

---

የኮባ ቅጠል | ጥር 1፣ ቀትር 7፡20

አልለካሁም።